የመጨረሻው ጥቅል ሲያልቅ

በድሮ ፊልሞች ላይ፣ በስክሪኑ የላይኛው ቀኝ ጥግ፣ ትንሽ ክብ ምልክት ብልጭ ብላ ትጠፋለች። የምትቆየው ለአራት ፍሬም ብቻ ነው፤ ይህም የሰከንድ አንድ ስድስተኛ ያህል ማለት ነው። ሰባት ሰከንድ ገደማ ቆይታ ሁለተኛዋ ትመጣለች። አብዛኛው ተመልካች ሁለቱንም ሳያያቸው ዕድሜውን ጨርሷል። ምልክቶቹ ከአዳራሹ ጀርባ፣ ከፍ ብላ በተሠራች ጠባብ ክፍል ውስጥ ለቆመ አንድ ሰው የተጻፉ መልእክቶች ናቸው። የመጀመሪያዋ «ሞተሩን አስነሣ» ትለዋለች፤ ሁለተኛዋ «አሁን ቀይር» ትለዋለች።

ይህ ሰው ፕሮጀክሽኒስት ይባላል። በሲኒማ ታሪክ ውስጥ ደጋግመው ከተተረኩ ሰዎች አንዱም እሱ ነው፤ በተለይ አርጅቶ፣ ሥራ የጀመረበትን ትንሽ ሲኒማ ቤት በገዛ እጁ የሚዘጋበት ምሽት። ጣሊያናዊው ጁሴፔ ቶርናቶሬ እ.ኤ.አ. በ1988 «ሲኒማ ፓራዲሶ»ን ሠራ። የታይዋኑ ጻይ ሚንግ-ሊያንግ በ2003 «ደህና ሁን፣ ድራጎን ኢን»ን አቀረበ። ሕንዳዊው ፓን ናሊን ደግሞ በ2021 «የመጨረሻው ትርዒት»ን አስከተለ። ሦስቱም ከተለያየ አገር ተነሥተው ወደ አንዲት የማሽን ክፍል ይገባሉ። በእነዚህ ታሪኮች የሚያለቅስ ተመልካች ብዙ ነው፤ ሰውየው በዚያች ክፍል ውስጥ በትክክል ምን ይሠራ እንደነበር የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

የጻይ ፊልም ለዚህ ጥሩ መነሻ ይሆናል፤ ምክንያቱም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የአንድ ሲኒማ ቤት የመዝጊያ ምሽት ነው። የተቀረጸው ታይፔ አጠገብ፣ ዮንግሄ በተባለ ሰፈር በነበረ «ፉ-ሆ» በሚባል እውነተኛ አሮጌ ሲኒማ ቤት ውስጥ ነው። ውጭ ዝናብ ይዘንባል። አዳራሹ ውስጥ ጥቂት ሰዎች ተበታትነው ተቀምጠዋል። በስክሪኑ ላይ የሚታየው የኪንግ ሁ የ1967 የሰይፍ ፊልም «ድራጎን ኢን» ሲሆን፣ በዚያ ፊልም ላይ በወጣትነታቸው የተወኑት ሚያው ቲየንና ሺ ቹን አሁን አርጅተው ከተመልካቾቹ መካከል ተቀምጠዋል። ቲኬት ቆራጯ አንድ እግሯን እያነከሰች ደረጃውን ወጥታ ለፕሮጀክሽኒስቱ ግማሽ ዳቦ ታደርስለታለች፤ ክፍሉ ውስጥ ግን አታገኘውም። በጻይ ፊልም ፕሮጀክሽኒስቱ ገና ጎልማሳ ነው፣ የሚታየውም ወደ መጨረሻው ላይ ነው። እንግዲህ እሱን ትተን፣ በዚያው ዓይነት ክፍል ውስጥ አርባ ዓመት የሠሩ አንድ አዛውንት እንዳሉ እናስብ፤ የሚያሳዩትም ይህንኑ «ድራጎን ኢን» ይሁን።

ፊልሙ 111 ደቂቃ ይረዝማል። ሠላሳ አምስት ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም፣ በደቂቃ ደግሞ 27 ሜትር ከግማሽ ገደማ ይሄዳል። በዚህ ስሌት አዛውንቱ ዛሬ ማታ በማሽኖቻቸው የሚያሳልፉት ፊልም ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ይህ ሁሉ በአንድ ጥቅል አይመጣም። አንድ መደበኛ ጥቅል 600 ሜትር ገደማ፣ ማለትም ቢበዛ ሃያ ሁለት ደቂቃ ያህል ይይዛል፤ ስለዚህ ፊልሙ በስድስት ጥቅል ተከፍሎ፣ በብረት ቆርቆሮ ታሽጎ ይመጣል። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ፕሮጀክተሮች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንዱ ሲያሳይ ሌላው ቀጣዩን ጥቅል ተሸክሞ ይጠብቃል። ስድስት ጥቅል ካለ አምስት ጊዜ መሸጋገር አለ።

አዛውንቱ አዲሱን ጥቅል ሲያስገቡ ፊልሙን ከላይኛው መንኮራኩር ጀምረው፣ ጥርስ ባላቸው ጎማዎች ላይ እያሳለፉ፣ ምስሉ ብርሃን በሚያገኝበት መስኮት አድርገው፣ በድምፅ ማንበቢያው በኩል ወደ ታችኛው መንኮራኩር ያደርሱታል። የልምድ እጅ ይህን በአንድ ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል። በዚህ መንገድ ላይ ሁለት ቦታ ፊልሙ ሳይወጠር ቀለበት ሠርቶ ልል ሆኖ መቅረት አለበት፤ ከመስኮቱ በላይና ከመስኮቱ በታች።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ፊልሙ ከጥቅሉ የሚወጣው ሳያቋርጥ እየተንሸራተተ ነው። ምስሉ ግን ስክሪን ላይ እንዲታይ መስኮቱ ፊት ለቅጽበት ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ ካልቆመ የሚታየው የተዘባረቀ መስመር ብቻ ነው። ስለዚህ በማሽኑ ሆድ ያለች የመስቀል ቅርጽ ያላት ትንሽ ብረት ፊልሙን በየሰከንዱ ሃያ አራት ጊዜ ትስበዋለች፣ ሃያ አራት ጊዜም ታቆመዋለች። በሚሳብበት ቅጽበት የሚሽከረከር መጋረጃ ብርሃኑን ይሸፍናል። ይኸው መጋረጃ ፊልሙ ቆሞ ሳለም አንድ ጊዜ ደግሞ ብርሃኑን ይቆርጠዋል፤ እያንዳንዱ ፍሬም ሁለት ጊዜ ስለሚበራ ዓይን መርገብገቡን አይይዘውም። በሚንሸራተተውና በሚቋረጠው እንቅስቃሴ መካከል ያለውን ንትርክ የሚያስታርቁት እነዚያ ሁለት ልል ቀለበቶች ናቸው።

የታችኛው ቀለበት ሌላም ሥራ አለው። ድምፁ በፊልሙ ጠርዝ ላይ የታተመ ቢሆንም የሚነበበው ከምስሉ መስኮት ዝቅ ብሎ ነው፤ ርቀቱ ሃያ አንድ ፍሬም፣ ማለትም አርባ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ቀለበቱ ከመጠኑ ካጠረ ወይም ከረዘመ ተዋናዩ አፉን ሳይከፍት ወይም ከከፈተ በኋላ ድምፁ ይሰማል። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው «ድምፁ ቀደመ!» ብሎ ሲጮህ፣ ስህተቱ ከጥቂት ሳንቲ ሜትር ልል ፊልም አይበልጥም።

አሁን አንደኛው ጥቅል እያለቀ ነው። አዛውንቱ በሁለተኛው ማሽን ላይ ፊልሙን ሲያስገቡ፣ በጥቅሉ መጀመሪያ ላይ ወደ ኋላ ከሚቆጥሩት ቁጥሮች አንዱን መስኮቱ ፊት አቁመውታል። ቁጥሩን የሚመርጡት ማሽናቸው ሙሉ ፍጥነት ላይ ለመድረስ ስንት ሰከንድ እንደሚፈልግ ስለሚያውቁ ነው። መብራቱን አብርተው በትንሿ መስኮት ወደ ስክሪኑ ያያሉ። የመጀመሪያዋ ምልክት ብልጭ ትላለች፤ ሁለተኛው ሞተር ይነሣል። ሰባት ሰከንድ። ሁለተኛዋ ምልክት ትመጣለች፤ የአንዱን ማሽን ብርሃን ዘግተው የሌላውን ይከፍታሉ፣ ድምፁንም እንዲሁ። በትክክል ከተሠራ ሰይፉ በአንደኛው ጥቅል ተመዞ በሁለተኛው ያርፋል፣ አዳራሹም ምንም አይሰማውም። ከዘገዩ ስክሪኑ ነጭ ይሆናል፤ ከቸኮሉ ደግሞ ወደ ኋላ የሚቆጥሩት ቁጥሮች በሕዝብ ፊት ይታያሉ።

ከዚያ ያለቀውን ጥቅል አውርደው ወደ መጠቅለያው ጠረጴዛ ይወስዱታል። ሲያልቅ መጨረሻው ወደ ውጭ ስለሆነ፣ ለሚቀጥለው ትርዒት መጀመሪያው ወደ ውጭ እንዲሆን መልሰው መጠቅለል አለባቸው። ይህን ሲያደርጉ የፊልሙን ጠርዝ በሁለት ጣት መካከል እያሳለፉ ይዳስሱታል። የተሰነጠቀ ቀዳዳ ወይም የላላ ቅጥያ ጣት ላይ ይሰማል፤ በዚያ ቦታ ቆርጠው ይቀጥሉታል። ያልተቀጠለ ስንጥቅ በሚቀጥለው ማታ መስኮቱ ውስጥ ይበጠሳል።

ችግርን ከሩቅ የሚያውቁት በዓይን ብቻ አይደለም። ቀለበት ሲጠፋ የማሽኑ ድምፅ ይለወጣል፤ ለስላሳው ኳኳታ ወደ መንጫጫት ይሄዳል፣ ምስሉም ወደ ላይና ወደ ታች መዝለል ይጀምራል። መስታወቱ ከመብራቱ ጋር ካልተስተካከለ የስክሪኑ አንድ ወገን ይጨልማል። በስክሪኑ ላይ እንደ ዝናብ የሚወርዱ ቀጭን መስመሮች ደግሞ አቧራ በተቀመጠባቸው ጎማዎች ብዙ ጊዜ የተፋቀ ኮፒ ምልክት ናቸው። ትንሽ ሲኒማ ቤት የሚደርሰው በትልልቆቹ ብዙ ሳምንት የታየ ኮፒ ስለሚሆን፣ ይህን ዝናብ ከሌላ ሰው እጅ ነው የሚወርሰው። ከሁሉ የሚከፋው ፊልሙ መስኮቱ ፊት ሲቆም ነው። ከመብራቱ የሚመጣው ሙቀት የቆመውን ፍሬም ያቀልጠዋል፤ ተመልካቹ በተዋናዩ ፊት ላይ ቡናማ ፊኛ ሲያብጥና ሲፈነዳ ያያል።

በዛሬው ፊልም ይህ አሳፋሪ እንጂ አደገኛ አይደለም። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ግን የሲኒማ ፊልም የሚሠራው ከናይትሮሴሉሎስ ነበር። ይህ ነገር ከተቀጣጠለ የሚያስፈልገውን ኦክስጅን ከራሱ ውስጥ ስለሚያወጣ ውሃ ውስጥ ቢነከርም መቃጠሉን ይቀጥላል፤ አሸዋም ብርድ ልብስም አያፍኑትም። የማሽን ክፍል ግድግዳዋ ወፍራም፣ መስኮቶቿ ጠባብ የሆኑት፣ በመስኮቶቹም ላይ እሳት ሲነሣ የሚወርድ የብረት መዝጊያ የነበረው ለዚህ ነው። ክፍሏ የተሠራችው አዳራሹን ከሰውየው ሥራ ለመጠበቅ እንጂ ሰውየውን ለመጠበቅ አልነበረም። በ«ሲኒማ ፓራዲሶ» ፈረንሳዊው ፊሊፕ ኗሬ የተጫወተው አልፍሬዶ ዓይኑን የሚያጣው በእንዲህ ያለ እሳት ነው። ቶርናቶሬ ነገሩን ከሩቅ አልሰማውም፤ በወጣትነቱ ሲሲሊ ውስጥ ራሱም በማሽን ክፍል ሠርቷል።

መብራቱም ሰው ይፈልግ ነበር። በቀድሞው አሠራር ብርሃን የሚወጣው በሁለት የካርቦን ዘንጎች ጫፍ መካከል ከሚዘል የኤሌክትሪክ ቅስት ነበር። ዘንጎቹ እየነደዱ ስለሚያጥሩ ክፍተቱ ይሰፋል፤ ሰውየው ወይም አንድ ትንሽ ሞተር እያቀራረበ ካልጠበቀው ብርሃኑ ቀለሙን ይለውጥና ይጠፋል። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በጋዝ የተሞላው የዜኖን አምፖል ይህን ድካም አስቀረ፤ ከሺህ ሰዓት በላይ ሳይነካ ያበራል። ጋዙ ግን ቀዝቅዞም ቢሆን በከፍተኛ ግፊት ላይ ስለሆነ፣ አምፖሉን የሚቀይር ሰው የፊት መከለያና ወፍራም ጓንት ያደርጋል። ዜኖን ሌላም ነገር አስከተለ። መብራቱ መጠበቅ ካላስፈለገው፣ ስድስቱን ጥቅሎች ቀጥሎ በአንድ ሰፊ ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ማስቀመጥ ይቻላል ተባለ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው አምስትና ስድስት አዳራሽ እየዞረ ማስነሣት ጀመረ። የሙያው መመናመን የጀመረው ዲጂታል ከመምጣቱ በፊት ነው።

ቢሆንም ትንሹን ሲኒማ ቤት የዘጋው ዲጂታል ነው፤ የዘጋበትም መንገድ በብዙ ታሪኮች ላይ በደንብ አይነገርም። አዛውንቱ ስላረጁ ወይም ተመልካች ስለጠፋ ብቻ አይደለም። አንድ የ35 ሚሊ ሜትር ኮፒ ለማተም አከፋፋዩ 1,500 ዶላር ገደማ ያወጣ ነበር፤ ኮፒውም ከነቆርቆሮው ከ20 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን የማጓጓዣው ወጪ ሌላ ነው። በሃርድ ዲስክ የሚላክ ዲጂታል ፊልም የዚያን አንድ አሥረኛ ያህል ይፈጃል። ትርፉ እንግዲህ የአከፋፋዩ ነው። አዲሱን ማሽን መግዛት ያለበት ግን ሲኒማ ቤቱ ነው፤ በ2010 አካባቢ ለአንድ አዳራሽ ብዙ አሥር ሺህ ዶላር ይጠይቅ ነበር። አከፋፋዮቹ ይህን ለማመጣጠን ለየፊልሙ የሚከፈል ድጎማ አበጁ፤ ነገር ግን ድጎማው አዳዲስ ፊልሞችን በብዛት ለሚያሳዩ ትልልቅ ቤቶች የሚመች ነበር። ቆየት ያለ ኮፒ ተቀብሎ በሳምንት ጥቂት ቀን የሚያሳይ ባለ አንድ አዳራሽ ቤት ከዚያ የሚደርሰው ጥቂት ነበር።

ከዚያ ሌላኛው በር ተዘጋ። ፉጂፊልም በ2013 የሲኒማ ፊልም ማምረት አቆመ። በ2014 መጀመሪያ ፓራማውንት አሜሪካ ውስጥ አዳዲስ ሥራዎቹን በፊልም ማከፋፈል እንዳቆመ ተሰማ። የአዛውንቱ ማሽን አልተበላሸም፤ በቂ ዘይትና አንዳንድ መለዋወጫ ቢያገኝ ሌላ ሠላሳ ዓመት ይሠራል። የሚያጎርሰው ፊልም ግን አይመጣም። ብዙ ትንንሽ ቤቶች የመዝጊያ ቀናቸውን ያወቁት እንዲህ፣ ከአከፋፋይ በተጻፈ ደብዳቤ ነው።

አዲሱ ክፍል ውስጥ የሚደረገውም ሥራ ሌላ ነው። ፊልሙ በዲስክ ሲደርስ ይዘቱ በምስጢር የተቆለፈ ነው። አከፋፋዩ ለየብቻ የሚልከው ዲጂታል ቁልፍ ለዚያ አንድ ማሽን ብቻ የተሠራ ሲሆን የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀንና ሰዓት አለው። ሰዓቱ ካልደረሰ ወይም ካለፈ ፊልሙ አይከፈትም። ፕሮግራሙ በኮምፒውተር ላይ ይሰደራል፤ መብራቱ፣ መጋረጃው፣ ማስታወቂያው በራሱ ይሄዳል። ምስሉ በመጀመሪያው ቀንና በመቶኛው ቀን አንድ ነው፣ ዝናብ የለውም፤ ይህን ጥቅም መካድ አይቻልም። ነገር ግን ሲበላሽ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ቆርጦ የሚቀጥለው ነገር የለም። ስልክ ደውሎ ቴክኒሻን ወይም አዲስ ቁልፍ ይጠብቃል።

በኢትዮጵያ ሽግግሩ ከዚህ በተለየ ቅደም ተከተል ነው የሄደው። በ1957 ዓ.ም. የተሠራው «ሂሩት አባቷ ማን ነው» በጥቁርና ነጭ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የተቀረጸ ነበር፤ የአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶችም የውጭ ፊልሞችን ለአሥርት ዓመታት ያሳዩት በእነዚህ ከባድ ማሽኖች ነው። የአማርኛ ፊልም በብዛት መሠራት የጀመረው ግን በ1990ዎቹ፣ በቪዲዮ ካሜራ ነው። ሲኒማ ቤቶቹ ሰልፍ ያዩት በቪዲዮ ፕሮጀክተር በሚታይ የአገር ውስጥ ሥራ ሆነ። ሆሊውድ ፊልሙን ትቶ ወደ ዲስክ ሳይዞር በፊት፣ እዚህ አገር የድሮዎቹ ማሽኖች ሥራ ፈትተው ነበር።

ወደ መጨረሻው ምሽት እንመለስ። ስድስተኛው ጥቅል ሲያልቅ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ምልክት ስለሌለ፣ አዛውንቱ ብርሃኑን የሚዘጉት በራሳቸው ግምት ነው። አምፖሉን አጥፍተው ማራገቢያውን ለደቂቃዎች ሳያጠፉት ይተዉታል፤ የጋለ ዜኖን በድንገት ሊቀዘቅዝ አይገባም። መስኮቱ ላይ የተጠራቀመውን የፊልም ብናኝ በብሩሽ ያወጣሉ። ጥቅሎቹን መልሰው ጠቅልለው ቁጥራቸውን ከቆርቆሮዎቹ ቁጥር ጋር ያመሳክራሉ፤ ሦስተኛው በአራተኛው ሣጥን ከገባ ቀጣዩ ቤት ታሪኩን አዘበራርቆ ያሳያል። ኮፒው የሲኒማ ቤቱ ንብረት አይደለም፤ በነጋታው ወደ አከፋፋዩ ይመለሳል። ማሽኖቹ ግን የቤቱ ናቸው፣ እያንዳንዱም ከነመብራት ቤቱ ብዙ መቶ ኪሎ ይመዝናል። ጠባቡን ደረጃ ለማውረድ መፍታት ያስፈልጋል፤ ገዢውም አብዛኛውን ጊዜ በኪሎ የሚገዛ የብረታ ብረት ነጋዴ ነው።

ፓን ናሊን በ«የመጨረሻው ትርዒት» ላይ ካሜራውን እዚህ ላይ አላቆመም። ጉጃራት ውስጥ በምትገኝ ትንሽ ከተማ፣ ፋዛል የተባለው ፕሮጀክሽኒስት አንድን ልጅ የእናቱን ምግብ እየተቀበለ ማሽን ክፍሉ ውስጥ ያስገባዋል። ዲጂታሉ ሲመጣ ልጁ የጭነት መኪናውን ተከትሎ ይሄዳል። ፕሮጀክተሩ እቶን ውስጥ ቀልጦ ማንኪያ ይሆናል፤ ፊልሙ ደግሞ ቀልጦ የሴቶች አምባር ይወጣዋል። ፋዛልን በተመለከተ ፊልሙ የሚያነሣው ጥያቄ ከኢኮኖሚ ይልቅ ሥራ ነክ ነው፦ እንግሊዝኛ የማያውቅ ሰው በእንግሊዝኛ የሚያዝ ኮምፒውተር ፊት ለፊት ምን ይሠራል?

የጠፋው ሙያ ምን ያህል ከሰው እጅ ጋር የተያያዘ እንደነበር በቁጥር የታየው በ2015 ነው። ክዌንቲን ታራንቲኖ «ዘ ሄትፉል ኤይት»ን በ65 ሚሊ ሜትር ፊልም ቀርጾ፣ በ70 ሚሊ ሜትር ፊልም መታየት አለበት ብሎ ጸና። አከፋፋዩ በአሜሪካና አካባቢዋ መቶ ያህል አዳራሾችን ለገና ማዘጋጀት ነበረበት። አብዛኞቹ ማሽኖቻቸውን ከጥቂት ዓመታት በፊት አውጥተው ነበር፤ ስለዚህ ከየመጋዘኑና ከየሰብሳቢው እጅ አሮጌ ፕሮጀክተሮች ተገዙ፣ ተፈትተው ታጠቡ፣ የጎደላቸው መለዋወጫ እንደ አዲስ ተሠራ። ማሽኑ ከተገኘ በኋላ ጥያቄው ማን ያስነሣው የሚል ሆነ። ጡረታ የወጡ ፕሮጀክሽኒስቶች ተፈልገው ተጠሩ፤ ለትርዒቶቹ በተቀጠሩት ሳምንታትም ቀለበት እንዴት እንደሚለካና ሲጠፋ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያሰማ፣ አንዲት ጥቅል ነክተው ለማያውቁ ወጣት ሠራተኞች ያሳዩ ነበር።